ለገጣፎ፣ ዱከም ወይስ ቢሾፍቱ? ለሃያ ወንበር ምግብ ቤት ከተማ ሲመረጥ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሃያ ወንበር የሚይዝና አራት ወይም አምስት ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኪራዩ ስንት እንደሆነ ነው፤ ደላላውም ለመመለስ የሚቀለው ይኸው ጥያቄ ነው። እኔ ለገጣፎን፣ ዱከምንና ቢሾፍቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን ኪራይን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። ፈቃድ የማይወጣበት ቤት የቱንም ያህል ቢረክስ ምግብ ቤት አይሆንም፤ የኪራዩ ልክም ቢሆን የሚመዘነው በደጁ ከሚያልፈው ሰው ስንቱ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ከታወቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከፈቃድ እጀምራለሁ። ሦስቱም ከተሞች በኦሮሚያ ክልል ሥር ናቸው። ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃልሏል። የመንግሥት ቢሮዎቹ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ቅጹን የሚያነብልዎትና ደብዳቤውን የሚጽፍልዎት ሰው ከሌለ በየደረጃው ቀናት ይባክናሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ ያለው ነጋዴም ፈቃዱ ከአድራሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን መዘንጋት የለበትም፤ በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሲከፍት የዚያን ከተማ ቢሮ ማነጋገሩ አይቀርም። ለገጣፎ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የአስተዳደር ወሰን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሲካለል ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው የተሻገሩ ሰፈሮች ስላሉ፣ በድንበሩ አካባቢ ያለ ቤት የሚከራይ ሰው ቤቱ ግብር የሚከፍለው ለየትኛው አስተዳደር እንደሆነ ከአከራዩ የቅርብ ጊዜ ደረሰኝ ላይ ቢያረጋግጥ ይሻላል። የሰፈሩ ስም ብቻውን ያሳስታል።

የሥራው ቅደም ተከተል በሦስቱም ከተሞች ተመሳሳይ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል፣ የንግድ ምዝገባ ይደረጋል፣ ቤቱ ታይቶ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ንግድ ፈቃዱ ይወጣል። ምዝገባው አሁን etrade.gov.et ላይ የሚጀመር በመሆኑ ብዙ ሰው ሁሉም ነገር በስልክ የሚያልቅ ይመስለዋል። ጉዳዩ የሚቆመው ግን ቤቱ ላይ ነው። የኪራይ ውሉ እንዲረጋገጥ አከራዩ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ካርታውን፣ ማቅረብ አለበት፤ ከከተማ ዳር ደግሞ ካርታ የሌለው ቤት ብዙ ነው። ከገበሬ በመንደር ውል በተገዛ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ከመንገድ ዳር ቆሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ መብራትም ገብቶለት ሲታይ ከሕጋዊው አይለይም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው የተባሉ ብዙ ቤቶች መፍረሳቸውን የሚያስታውስ ሰው፣ የካርታ ጥያቄ ከወረቀት ጉዳይ በላይ መሆኑን ያውቃል። ካርታው ከተገኘ በኋላም ቦታው ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ የተፈቀደው፣ የመንገድ ወሰንስ ይነካዋል ወይ የሚለውን የከተማውን መሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የብቃት ማረጋገጫ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት በአንዱ ከተማ ለሱቅ የተሠራ ክፍል ተከራይታ፣ ግድግዳውን በሴራሚክ አልብሳ፣ ወንበርና ጠረጴዛ አስገብታ ተቆጣጣሪውን ጠራች። ሰውየው ሴራሚኩን ገልመጥ አድርጎ አለፈና ወደ ማእድ ቤቱ ገብቶ የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ከፈተ። ውኃው ወርዶ የተጠራቀመው ከማጠቢያው ሥር በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ነበር፤ ክፍሉ የፍሳሽ መስመር አልነበረውም። መስመር ለመዘርጋት የጎረቤት ግቢ መቆፈር ስለሚያስፈልግ ጎረቤት ማስማማት ነበረባት፤ ሁለት ወር ከፈጀ በኋላ ተሳካ፤ ኪራዩ ግን ሁለቱንም ወር ሲቆጥር ነበር። ተቆጣጣሪዎች በተለይ የሚያዩት ከመመገቢያው የተለየ ማእድ ቤት፣ ጭስ ማውጫ፣ የሚታጠብ ወለልና ግድግዳ፣ ከማእድ ቤት የራቀ መጸዳጃ ቤት ከነእጅ መታጠቢያው፣ እንዲሁም የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ ወረቀት ነው። የመጨረሻው በገንዘብና በጥቂት ቀናት ይሟላል፤ ፍሳሽና መጸዳጃ ግን ከቤቱ ጋር ካልተሠሩ ከባድ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጀሪካን ውኃ ማጠቢያው ላይ አፍስሰው የት እንደሚወርድ በዓይንዎ ይከታተሉ።

በዚህ በኩል ሦስቱን ሳወዳድር ቢሾፍቱ ትንሽ ትሻላለች፤ የቆየች ከተማ በመሆኗ መሐሏ ላይ ካርታ ያለው የንግድ ቤት ማግኘት ይቀላል። ዱከም በዋናው መንገድ ዳር ጥሩ ነው፤ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ጥርጣሬ መያዝ ይገባል። ለገጣፎ ውስጥ በሪል እስቴት ሕንፃዎች ሥር ያሉት የንግድ ክፍሎች ወረቀታቸው የተሟላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ውድም የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ወደ እግረኛው እንምጣ። በቀን ስንት ሰው ያልፋል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። የሚያልፈው ሰው በየትኛው ሰዓት፣ በመንገዱ በየትኛው ወገን፣ በእግሩ ነው ወይስ ተጭኖ የሚለው ነው ገበያውን የሚወስነው። ለገጣፎ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚፈስ፣ ማታ የሚመለስ ከተማ ነው። የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ባለበት ወገን ያለ ቤት ሻይ፣ ጨጨብሳና ፉል ይሸጣል፤ ማታ ሰው የሚወርድበት ወገን ደግሞ እራት ይሸጣል፤ ምሳ ላይ ግን ሁለቱም ጭር ይላሉ። የሪል እስቴት ግቢዎቹ ነዋሪ በመኪና የሚመጣ በመሆኑ ከደጁ የእግረኛ ብዛት ይልቅ መኪና ማቆሚያ ይፈልጋል።

ዱከም የተለየ ነው። የድሮው የአዳማ መንገድ ከተማውን መሐል ለመሐል የሚያቋርጠው ሲሆን፣ የሥጋ ቤቶቹ ስም የወጣውም በዚሁ መንገደኛ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ግን ሩቅ ሂያጁ ክፍያውን ከፍሎ በዚያ ስለሚያልፍ፣ በመንገደኛ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ ዛሬ አያዋጣም። አሁን የዱከም የሥራ ቀን ገበያ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚገኘው እዚያው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በር ላይ ቆመው ሲያዩት የሠራተኛው ብዛት ያስጎመጃል፤ ነገር ግን ሰርቪስ አውቶቡስ ከበር አንሥቶ ከበር የሚያደርሰውና ምሳውን በፋብሪካው መመገቢያ የሚበላ ሠራተኛ የእርስዎ ደንበኛ አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ፋብሪካዎቹ ምሳ ያቀርባሉ ወይ፣ ሰርቪሱስ የት ያወርዳል የሚለው ነው። ሠራተኛው በእግሩ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ወር መጨረሻ ላይ በዱቤ እንደሚበላ አስቀድሞ ይታሰብ።

ቢሾፍቱ በሐይቆቿ ምክንያት ቅዳሜና እሑድ ትሞላለች፤ ማክሰኞ ግን ከነዋሪዋ ጋር ብቻ ትቀራለች። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ሆራ አርሰዲ ላይ ለሚከበረው ኢሬቻ የሚመጣውን ሕዝብ አይቶ ስለ ዓመቱ ገበያ መገመት ስሕተት ነው።

ለመቁጠር የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። በቀኝ ኪስዎ ሽምብራ ይያዙና ያዩት ቤት አጠገብ ካለ ተመሳሳይ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይቀመጡ፤ አንድ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ግራ ኪስ ያዛውሩ። የሚቆጠረው የሚገባው እንጂ የሚያልፈው አይደለም። ማክሰኞ አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ይቁጠሩ፤ ቁርስ ወይም እራት ለመሸጥ ካሰቡ ሰዓቱን በዚያው ልክ ይለውጡ። የጾም ቀንና የፍስክ ቀን ልዩነት ትልቅ ነው፤ በተለይ ሥጋ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን፣ ኪራዩ ግን በእነዚያ ቀናትም እንደማይጾም ያስብ። ሥጋ ሰቅሎ መሸጥ ራሱን የቻለ የንግድ መስክ እንደሆነም አይዘንጋ።

አሁን ኪራዩን መመዘን ይቻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለገጣፎ በወር 40,000 ብር፣ ዱከም 25,000 ብር፣ ቢሾፍቱ 35,000 ብር ተጠየቀ እንበል። ለገጣፎና ዱከም ከአንድ ሳሕን ላይ የአስቤዛና የማገዶ ወጪ ተቀንሶ 70 ብር ቢተርፍ፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ፣ ለገጣፎ ለኪራይ ብቻ በቀን 22 ሳሕን፣ ዱከም ደግሞ 14 ሳሕን መሸጥ ይጠይቃል። ቢሾፍቱ የመዝናኛ ዋጋ ስለምታስከፍል ከሳሕኑ 120 ብር ይተርፋል ብንል ኪራዩ በወር 292 ሳሕን ነው፤ ገበያው በስምንቱ የቅዳሜና የእሑድ ቀናት ላይ ብቻ ከሆነ ግን በቀን 37 ሳሕን ይሆናል። ሃያ ወንበር ላለው ቤት ይህ ማለት እያንዳንዱ ወንበር ለአከራዩ ብቻ ሁለት ጊዜ ያህል መሞላት አለበት ማለት ነው።

ቤቱ ፈቃድ እስኪያገኝ ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜም ይጨመርበት። ዱከም ሁለት ወር ቢዘጋ 50,000 ብሩ በቀሩት አሥር ወራት ላይ ሲከፋፈል የወሩን ኪራይ 30,000 ብር ያደርሰዋል፤ 14ቱ ሳሕን 17 ይሆናል። በዚህ ምክንያት ከአከራይ ጋር ስለ ወርኃዊው ዋጋ ከመከራከር ይልቅ የዝግጅቱን ወራት ያለ ክፍያ ማስፈቀድ የተሻለ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። በውሉም ውስጥ ፈቃዱ በቤቱ ጉድለት ምክንያት ከተከለከለ ቅድመ ክፍያው እንደሚመለስ ይጻፍ። ግብሩን ለመቀነስ ሲል አከራዩ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ኪራይ እንዲጻፍ ከጠየቀ እሺ አይበሉ፤ በወጪነት የሚያዝልዎ ደረሰኝና ውል ያለው ገንዘብ ብቻ ስለሆነ የእሱን ግብር እርስዎ መክፈልዎ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ይሠራል ስለተባለው አዲሱ አየር ማረፊያ እያነሡ ኪራይ የሚጨምሩ አከራዮችም ያጋጥማሉ፤ የሚመጣውን መንገደኛ ሒሳብ ዛሬ እንዲከፍሉ መስማማት አይገባም።

እኔ ብሆን የቁርስና የእራት ቤት ለመክፈት ለገጣፎን፣ በሕንፃ ሥር ያለ ክፍል እንኳ ቢሆን፣ በታክሲ ሰልፉ ወገን እመርጣለሁ። ጾምና ፍስክ አጣምሮ የሠራተኛ ምሳ ለሚያቀርብ ቤት ዱከምን አስቀድማለሁ፤ ይህም ሰርቪሱ የሚያወርድበት ቦታና የፋብሪካው መመገቢያ ነገር ከተጣራ በኋላ ነው። ቢሾፍቱን የምመርጠው ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፤ ቤቱ ከሐይቆቹ ዳር ሳይሆን ነዋሪው በሥራ ቀን ከሚመላለስበት ከገበያው ወይም ከመናኸሪያው አጠገብ ሲሆን፣ የማክሰኞው የሽምብራ ቁጥርም ብቻውን ኪራዩን ሲሸፍን።