የታካሚዎች ቆይታ፦ በጠቅላላ አማካይ ይታይ ወይስ በየደረጃው?

መጨናነቁ የት እንዳለ ከቀጠሮ ሲስተሙ መዝገብ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ።

ጠቅላላ አማካይ፦ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ብቻ ስለሚፈልግ ቶሎ ይሠራል። ወረፋው መርዘሙን ይነግረናል፤ የት እንደረዘመ ግን አይነግረንም። ጥቂት በጣም የቆዩ ታካሚዎችም አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል።

በየደረጃው፦ ሥራው ይበዛል፤ መልሱ ግን እዚህ ነው። አንድ ታካሚ 140 ደቂቃ ቆየ እንበል። ሐኪም ዘንድ እስኪገባ 25፣ ሲታይ 15፣ ከላቦራቶሪ ትዕዛዝ እስከ ውጤት 70፣ ውጤቱ ደርሶ ሐኪሙ እንደገና እስኪጠራው 30። ሐኪም ቢጨመር 70ው ደቂቃ አይቀንስም። 70ውንም ናሙና በተሰጠበት ሰዓት ለሁለት እንክፈለው። 50ው ናሙና ከመስጠቱ በፊት ያለፈ ከሆነ፣ የጎደለው ናሙና የሚቀበል ሰው ነው፤ አዲስ የምርመራ ማሽን መግዛት ወረፋውን አያሳጥረውም።

የዚህኛው መንገድ አደጋ የሰዓት ምዝገባው ነው። የብዙ ታካሚዎች ሰዓት በአንድ ደቂቃ ላይ ከተከመረ፣ በተለይ በፈረቃ መጨረሻ፣ ሠራተኛው አጠራቅሞ አስገብቶታል ማለት ነው። እነዚያን መዝገቦች ከስሌቱ ማውጣት ይሻላል። ቀድሞ የመጣ ታካሚም ከቀጠሮው በፊት ያሳለፈው ጊዜ እንደ መጓተት እንዳይቆጠር፣ ጥበቃው ከቀጠሮው ሰዓት ጀምሮ ይሰላ።

ይህን ወር ካለፈው ጋር ለማወዳደር ጠቅላላው ይበቃል፤ እኔ ግን ከአማካይ ይልቅ መካከለኛውን ዋጋ፣ ማለትም ቆይታዎቹ ከአጭር ወደ ረጅም ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን፣ እመርጣለሁ። ሠራተኛ የት እንደሚመደብ ለመወሰን ግን በየደረጃው ማየት ግድ ነው። ሰዓቱ በእጅ እየተጻፈ በኋላ የሚገባ ከሆነ፣ መጀመሪያ ምዝገባውን ማስተካከል ይቀድማል።