የኪችን የግድግዳ ካቢኔት፦ በሬል ይሰቀል ወይስ ጀርባው ተበስቶ በቪት ይያዝ?

ጎንደር ላይ ኪችን የሚያሠራ ሰው ስለ በሩ ቀለምና ስለ እጀታው አጥብቆ ይጠይቃል። ላይኛው ካቢኔት ግድግዳው ላይ በምን እንደሚያዝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በእንጨት ሥራዬ ሁለቱንም አሰቃቀል ሠርቼበታለሁ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ልዩነቱን ብታውቁት ደስ ይለኛል።

አንደኛው መንገድ የለመድነው ነው። ሳጥኑን ሁለት ሰው ደግፎ ይይዛል፣ ጀርባው ይበሳል፣ ግድግዳው ላይ ፊሸር ይገባና በቪት ይጠበቃል። በሁለተኛው መንገድ መጀመሪያ ረጅም የብረት ሬል በግድግዳው ላይ በአግድም ይታሰራል። ከየሳጥኑ የላይኛ ማዕዘን በስተጀርባ የሚወጡ ሁለት መንጠቆዎች ሬሉ ላይ ይንጠለጠላሉ። እያንዳንዱ ማንጠልጠያ ሁለት ቪት አለው፤ አንዱ ሳጥኑን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው ወደ ግድግዳው ይስበዋል።

ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በቀጥታ ሲታሰር አንዱ ቀዳዳ ክብደቱንም ይሸከማል፣ ልኩንም ይወስናል። ቀዳዳው በ3 ሚሊሜትር ከሳተ ሳጥኑ ጠማማ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ቀዳዳውን እንደገና መምታት ግድ ነው። በሬል ግን ሁለቱ ሥራዎች ይለያያሉ። ሸክሙን ሬሉ ይይዛል፣ ልኩን ማንጠልጠያው ያስተካክላል።

ስለ ሸክሙም ልናገር። 80 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 70 ቁመትና 35 ጥልቀት ያለው ሳጥን ሳህንና ብርጭቆ ሲሞላ በቀላሉ 60 ኪሎ ይደርሳል። ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚጫነው። ሳጥኑ ከታች ግድግዳውን ተደግፎ ከላይ ወደ ፊት መውደቅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የላይኞቹን ፊሸሮች ወደ ውጭ ይጎትታል። በዚህ ሳጥን ላይ ጉተታው ወደ 16 ኪሎ ይሆናል። በቀጥታ ከታሰረ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚቋቋሙት ሁለት ፊሸሮች ብቻ ናቸው። አንዱ ከላላ ሁሉም በሌላኛው ላይ ይወድቃል። ሬሉ ግን ጭነቱን ለጎረቤት ፊሸሮችም ያካፍላል።

ይህ የደረሰው በራሴ ሥራ ላይ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ላይ አንድ ባለ 60 ሳጥን በቀጥታ አስሬ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የቤቱ እመቤት ጠሩኝና «ሳህኖቼ ላይ ነጭ ዱቄት ይወርዳል» አሉኝ። ከላይ ስመለከት ሳጥኑ ከግድግዳው ጣት የሚያስገባ ያህል ተለይቷል። ፊሸሩ የያዘው ልስኑን ብቻ ነበር፣ ዱቄቱም ከዚያው ከልስኑ ይረግፍ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤታችሁ ካቢኔት ካለ ከላይ ያለውን ክፍተት አልፎ አልፎ እዩት፤ ሳይወድቅ የሚያሳውቀው እሱ ነው።

አሁን ሬል የተጠቀምኩበትን ቤት ላሳያችሁ። ቤቱ አዘዞ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ርዝመቱ 2.40 ሜትር። ሳጥኖቹ 80፣ 80 እና 60 ናቸው፣ በድምሩ 2.20። ቀጥ ያለ ብረት ግድግዳው ላይ ስናስደግፍ መሃሉ ሆድ አውጥቶ ጫፎቹ ላይ 12 ሚሊሜትር ክፍተት ታየ። የሳጥኖቹ ታች ከወለሉ 1.40 ሜትር ላይ እንዲሆን ወሰንን፣ ስለዚህ አናታቸው 2.10 ላይ ይሆናል። በገዛነው ማንጠልጠያ መንጠቆው ከአናቱ 4 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ የሬሉ መስመር 2.06 ላይ ሆነ። ይህን ከራሳችሁ ማንጠልጠያ ላይ ለኩት፣ ከሌላ ሰው አትዋሱ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሰመርነው ውሃ በሞላ ግልጽ ጎማ ነው፤ ወለሉም ጣሪያው ጥግም ልክ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ብሎኬት ስንበሳ ድሪሉን ያለ መዶሻ እናዞረዋለን፣ ምክንያቱም ምቱ የብሎኬቱን የውስጥ ግድግዳ ይሰብረዋል። ፑንታው በድንገት ወደ ውስጥ ከዘለለ ባዶው ጋ ደርሷል፤ እዚያ ውስጥ ገብቶ የሚቋጠር ዓይነት ፊሸር ያስፈልጋል። ከስምንቱ ቀዳዳዎች ሁለቱ ፈረሱ። የሬሉ ቀዳዳዎች ብዙ ስለሆኑ 5 ሴንቲሜትር ያህል ፈቀቅ ብለን ሌላ መታን፣ ሳጥኖቹ ላይ ምንም አልተለወጠም። ጫፎቹ ላይ ከሬሉ ጀርባ የኮምፖልሳቶ ቁራጭ አስገባን። ያለዚያ ቪቱ ሬሉን ስቦ እንደ ቀስት ያጎብጠዋል።

ከዚያ በሮቹን አውልቀን ባዶዎቹን ሳጥኖች ሰቀልን። መጀመሪያ የማዕዘኑን በውሃ ልክ አስተካከልን፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ከእሱ ጋር። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ወደ ግድግዳ የሚስበውን ቪት ሳታጠብቁ ጎረቤታሞቹን ሳጥኖች አጋጥሙ። የፊት ጠርዞቻቸውን በሞርሴቶ አጣብቀን መጋጠሚያው ላይ ጥፍር አሳለፍን፤ ጥፍሩ ካልያዘ ልክ ነው። ሁለቱ የጎን ገጾች እያንዳንዳቸው 18 ሚሊሜትር ስለሆኑ በአንድነት 36 ናቸው፣ ስለዚህ 30 ሚሊሜትር ቪት በቂ ነው። ረዘም ያለ ቪት በወዲያኛው ሳጥን ውስጥ ይወጣል። ቪቶቹን ማጠፊያው በሚሸፍነው ቦታ አስገባናቸው። ሁሉም አንድ ከሆኑ በኋላ ብቻ ወደ ግድግዳው ሳብናቸው።

ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የግድግዳው ሆድ እያንዳንዱን ሳጥን ወደተለያየ አቅጣጫ ያዞረዋል። ምልክቱን ማንበብ ይቻላል። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ከሆነ አንዱ ወደ ጎን ዘንብሏል ማለት ነው፣ የከፍታውን ቪት ንኩ። ከኋላ ተጋጥሞ ከፊት ከተከፈተ ግን የተበላሸው ወደ ግድግዳው የተሳበበት መጠን ነው። በዚያን ጊዜ በሩን በማጠፊያው ለማስተካከል መታገል ከንቱ ነው።

ታዲያ ቀጥታ ማሰር መቼ ይበቃል? ግድግዳው ኮንክሪት ከሆነ፣ ሳጥኑ አንድ ብቻ ከሆነና ከ60 ካልሰፋ በቂ ነው። ግን ቪቱ በ3 ሚሊሜትሩ የጀርባ ሽፋን ብቻ ማለፍ የለበትም፣ ጭንቅላቱ ቀዶት ይገባል። ከውስጥ በጎኖቹ መካከል የታሰረ ባለ 18 ሚሊሜትር እንጨት ይኑረው።

ፒያሳ አካባቢ ባሉት የድንጋይ ቤቶች ደግሞ ፑንታው ድንጋይ ሲነካ ይሸሻል፣ ስለዚህ ቀዳዳ ለማዛወር ነፃነት የሚሰጠው ሬል ይሻላል። የጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር አይይዝም። ግድግዳውን እያንኳኳችሁ፣ በቀጭን ሚስማርም እየፈተናችሁ ቋሚዎቹን ፈልጉና ሬሉን በረጅም ቪት በእነሱ ላይ እሰሩ። ቋሚው የበሰበሰ ከሆነ ሬሉም አያድናችሁም፤ ከታች ወለል ላይ የሚቆም ካቢኔት አሠሩ።

ሬል ከመረጣችሁ ሳጥኑ ገና ሳይሠራ ለባለሙያው ንገሩት። የጀርባው ሽፋን ለመንጠቆው መቆረጥ አለበት፣ የጎን ገጾቹም ከኋላ ለሬሉ ትንሽ ካልተቆረጡ ሳጥኑ የሬሉን ውፍረት ያህል ከግድግዳው ይርቃል። ተከራይ ለሆነ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ ቤት ሲለቅ የመጋጠሚያ ቪቶቹን ፈትቶ ሳጥኖቹን ከፍ አድርጎ ያወርዳቸዋል፣ ሬሉንም ነቅሎ ይዞት ይሄዳል።