በካሽ፣ በጤና መድህን ወይስ በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ መታከም ይሻላል?

ጊዮርጊስ አካባቢ ጉሊት የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ሰሞኑን «የጤና መድህን ክፈሉ ይሉናል። እኔ ደህና ነኝ፤ ምን በወጣኝ እከፍላለሁ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ሞኝነት ማለት አይቻልም። እሷ እጅ ላይ ያለ ብር ይሠራል፤ መዋጮ ከሆነ ግን ሄደ።

ካሽ ሕመም እስኪመጣ ድረስ ርካሽ ነው። ልጇን ሌሊት ትርፍ አንጀት አመመው እንበል። የግል ሆስፒታል ሄዳ ሁሉም ነገር 40 ሺህ ብር ቢመጣስ? የቤቷ ወጪ በወር 15 ሺህ ቢሆን በዓመት 180 ሺህ ነው። በአንድ ሌሊት ከዓመቱ ወጪ ከአምስተኛው በላይ ሄደ ማለት ነው። አንድ ቤት ለሕክምና ከዓመት ወጪው ከ10 በመቶ በላይ ካወጣ፣ ባለሙያዎች ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ ይሉታል። የመንግሥት ሆስፒታል ብትሄድ በጣም ይቀንስላታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የሐኪሙን ደመወዝ ቀድሞ ግብር ከፍሎታል።

ግብር የሚከፍልልን ሌላም አለ። የልጆች ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ጤና ጣቢያ መውለድ፤ እነዚህ በነጻ ናቸው። ለነሱ ብላችሁ መድህን አትግዙ።

ጎረቤቴን ክፈዪ የሚሏት የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ፣ በቤተሰብ ይከፈላል። የሚገባው ቤተሰቡ እንጂ የታመመው ሰው ብቻ አይደለም። የልጁ ትርፍ አንጀት በዚህ ቢሆን ኖሮ በመንግሥት ሆስፒታል ይሸፈን ነበር። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገና ግን የለበትም። ድንገተኛ ካልሆነ ደግሞ ከጤና ጣቢያ መጀመርና ሪፈር መያዝ ያስፈልጋል። ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይጨምራል።

የሚያናድደው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መድህን ያለውን አባቴን ይዤ ሄጄ ምርመራው ሳንቲም ሳያስወጣን አለቀ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ልጅቷ ማዘዣውን መለሰችልንና «ይሄ የለም፣ ውጭ ግዙ» አለች። ውጭ ገዛን። መድህን ያለው ሰው ለመድኃኒቱ እንዲህ በካሽ ከከፈለ፣ በዚያች ቀን ተሸፍኗል ማለት አይቻልም። እንዲህ ሲገጥማችሁ ደረሰኙን አትጣሉ፤ ተመላሽ ይሆን እንደሆነ ወረዳው ላይ ጠይቁ።

በመሥሪያ ቤት የሚመጣው የግል ኢንሹራንስ የግል ሆስፒታል ያስገባል፤ ወረፋውም ያጥራል። ግን ብዙ ጊዜ የዓመት ጣሪያ አለው። ጣሪያው ካለቀ ወይም ሥራ ከለቀቃችሁ ወደ ካሽ መመለስ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለቤተሰቡ በሙሉ? ቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍናል? መጀመሪያ እነዚህን ጠይቁ።

አሁን የጎረቤቴ ጥያቄ። እድር ውስጥ ሰው ሞቶበት የሚገባ አለ? የለም። ቢኖር እድሩ በዓመቱ ይፈርሳል። መድህንም ያው ነው። 100 ቤተሰብ ገብቶ 8ቱ እያንዳንዱ 15 ሺህ ብር የሚያስወጣ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው ጠቅላላው 120 ሺህ ነው፤ ለአንድ ቤት 1,200 ብር ይደርሳል። ደህና ነን ያሉት 80ዎቹ ቢወጡና 8ቱ ታማሚዎች ያሉበት 20 ቤት ቢቀር፣ ለአንዱ 6 ሺህ ይሆናል። ያኔ ከሀያዎቹም ደህና የሆኑት ይወጣሉ።

ስለዚህ ሁሉን ሰው የሚሸፍን ሥርዓት በፈቃደኝነት መዋጮ ብቻ አይቆምም። ደህናውም መግባት አለበት፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ መንግሥት ከግብር መክፈል አለበት። ይህ ሁለተኛው በድጎማ ለደሃ ደሃዎች ይደረጋል። የመጀመሪያው ግን ጎዶሎ ነው። ለደመወዝተኞች በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በኋላ የወጣው ደንብም ሠራተኛው 3፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲከፍሉ ይላል። ዓመታት አለፉ፤ ሥራ ላይ አልዋለም። ደመወዝ ያለን ሰዎች ከጉሊቷ ነጋዴ ጋር አንድ እድር ውስጥ አልገባንም ማለት ነው። እኔንም ጨምሮ።

ለእሷ ምክሬ ግቢ የሚል ነው፤ የልጆቿን ቁጥር አይቼ። አንድ ነገር ግን ጨመርኩላት፦ ከመክፈልሽ በፊት ጤና ጣቢያው ሂጂና ለእናትሽ የሚታዘዘው የደም ግፊት መድኃኒት ካለፉት ሦስት ወራት በስንቱ እንደነበረ መስኮቱ ላይ ጠይቂ።

«እነሱ እውነቱን ይነግሩኛል?» አለች።

ወረፋ ላይ የቆሙትን ጠይቂያቸው፣ አልኳት።