32 ጊጋባይት ስልክ ከሚሞሪ ካርድ ጋር ወይስ 64 ጊጋባይት ስልክ? ለገዢ የቀረበ ንጽጽር

ዋጋው ዝቅ ያለ የአንድሮይድ ስልክ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት አማራጮች ይቀርቡለታል። አንደኛው 32 ጊጋባይት ማከማቻ ያለውና 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ የሚጨመርለት ስልክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ካርድ ባይኖረውም 64 ጊጋባይት የውስጥ ማከማቻ ያለው ነው። በቁጥር ብቻ ካየነው የመጀመሪያው 96 ጊጋባይት ስለሚደርስ ብልጫ ያለው ይመስላል። ሆኖም የስልኩ የውስጥ ማከማቻና ካርዱ የሚሠሩት ሥራ ስለሚለያይ ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ማወዳደር ያሳስታል። ካርዱ ላይ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ ስልኩ ማከማቻው መሙላቱን ገልጾ መተግበሪያ ማዘመን የሚያቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ካርድ ያለ ችግር የሚይዘው ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሙዚቃና ሰነድ ነው። በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ የማስቀመጫው ቦታ ካርዱ እንዲሆን ከተመረጠ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሱት ምስሎች በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳሉ። መተግበሪያዎችና የራሳቸው መረጃ ግን በውስጥ ማከማቻው ላይ ይቀራሉ። ዋትስአፕን ብንወስድ፣ የሚቀበላቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች በውስጥ ማከማቻው ላይ የሚያስቀምጥ ሲሆን ካርዱን እንዲጠቀም የሚያዝ ምርጫ የለውም። አንዳንድ ስልኮች መተግበሪያን ወደ ካርድ የማዛወር ምርጫ ቢኖራቸውም፣ ይህ የሚሠራው የመተግበሪያው ሠሪ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከመረጃው ከፊሉ በስልኩ ላይ ይቀራል።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። የስልኩ ሥርዓትና አብረውት የመጡት መተግበሪያዎች 14 ጊጋባይት ይይዛሉ እንበል። ተጠቃሚው የጫናቸው መተግበሪያዎች ከነመረጃቸው 11 ጊጋባይት፣ ፎቶውና ቪዲዮው ደግሞ 7 ጊጋባይት ይሁኑ። ባለ 32 ጊጋባይቱ ስልክ ያለ ካርድ በዚህ ብቻ ይሞላል። ካርድ ገብቶለት ፎቶና ቪዲዮው ሲዛወሩለት 7 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ያገኛል፤ ነገር ግን መተግበሪያዎች ሲዘምኑ ለጊዜው ተጨማሪ ቦታ ስለሚፈልጉ ከዚህ ውስጥ 3 ጊጋባይት ያህል ሳይነካ ቢቆይ ይሻላል። የመልእክት መተግበሪያዎቹ መረጃ በየወሩ በግማሽ ጊጋባይት የሚያድግ ከሆነ ቀሪው 4 ጊጋባይት ከስምንት ወር በኋላ ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ ካርዱ ላይ ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ ምንም አይጠቅመውም። ባለ 64 ጊጋባይቱ ስልክ በአንጻሩ ፎቶውን ጨምሮ ሁሉንም ይዞ 32 ጊጋባይት ገደማ ይተርፈዋል።

ስለዚህ ስልኩን በዋናነት ለመልእክት፣ ለማኅበራዊ መገናኛና ለብዙ መተግበሪያ የሚፈልግ ሰው ባለ 64 ጊጋባይቱን እንዲመርጥ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ጥቂት መተግበሪያዎችን ብቻ የሚጠቀምና 40 ጊጋባይት የሚሆን ፊልም ወይም የድምፅ ትምህርት ይዞ መንቀሳቀስ የሚፈልግ ሰው ግን ካርድ ባለው ስልክ በደንብ ይገለገላል። ካርድ የሚቀበል ስልክ ለመግዛት የወሰነ ሰው የሲም ማስገቢያውን አስወጥቶ ይመልከት፤ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ሁለተኛው ሲምና ካርዱ አንድ ቦታ ስለሚጋሩ ሁለት ሲምና ካርድ በአንድ ጊዜ ማስገባት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ካርዱን የስልኩ የውስጥ ማከማቻ አካል አድርጎ ፎርማት የማድረግ አማራጭ መጥቷል፤ አንዳንድ የስልክ አምራቾች ግን አልፈቀዱትም። ይህ አማራጭ መተግበሪያዎችን ካርዱ ላይ ለማስቀመጥ ስለሚያስችል ከላይ የተነሳውን ችግር የሚፈታ ይመስላል። የሚያስከትለው ግን ቀላል አይደለም። ፎርማቱ በካርዱ ላይ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል፤ ካርዱም በምስጢር ተቆልፎ ከዚያ ስልክ ጋር ብቻ ይተሳሰራል። ቁልፉ የሚገኘው በስልኩ ውስጥ ስለሆነ፣ ስልኩ ቢሰበር ወይም ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ቢመለስ በካርዱ ላይ ያለው ፎቶ በኮምፒውተርም ሆነ በሌላ ስልክ አይነበብም። ካርዱ በተራ አጠቃቀም ላይ እያለ ግን ነቅሎ ሌላ መሣሪያ ላይ በመሰካት ፋይሎቹን ማንበብ ይቻላል። የቤተሰብ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ሰው ይህን ልዩነት በሚገባ ሊያስብበት ይገባል።

ሌላው ጉዳይ ፍጥነት ነው፤ እዚህ ላይ በካርዱ ላይ የታተሙትን ምልክቶች ማንበብ ያስፈልጋል። በክብ ውስጥ የተጻፈው 10 ቁጥር ካርዱ ተከታታይ መረጃ ሲጻፍበት በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት እንደሚቀበል የሚያመለክት ሲሆን፣ ይህ ለቪዲዮ ቀረጻ ጠቃሚ ነው። መተግበሪያ ግን የሚጽፈው እንዲህ አይደለም፤ አራት ኪሎባይት የሚያህሉ ቁርጥራጭ መረጃዎችን በተለያዩ ቦታዎች ላይ በተደጋጋሚ ይጽፋል፣ ያነባል። ይህን ችሎታ የሚገልጸው A1 የሚለው ምልክት ነው፤ በሰከንድ ቢያንስ 1500 ጊዜ ማንበብና 500 ጊዜ መጻፍ ማለት ነው። 500 ጽሕፈት በአራት ኪሎባይት ሲባዛ በሰከንድ ሁለት ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። A1 የሌለው ካርድ ይህን ያህል ዋስትና እንኳ አይሰጥም፤ መተግበሪያ ተጭኖበት ሲከፈት ስክሪኑ ደርቆ መቆየቱም ከዚህ የመጣ ነው። A2 የሚል ምልክት ያለው ካርድ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሙሉ ፍጥነቱን የሚሰጠው ስልኩ ራሱ ሲደግፈው ስለሆነ ዝቅተኛ ስልክ ላለው ሰው ለA2 ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

በገበያ ላይ አስመስለው የተሠሩ ካርዶችም አሉ። እነዚህ በስልኩ ላይ 64 ጊጋባይት ብለው ይታያሉ፤ እውነተኛ ይዘታቸው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። መጀመሪያ የገቡት ፋይሎች በደንብ ስለሚከፈቱ ጉዳዩ አይታወቅም፤ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የተጻፈው ግን ስሙና መጠኑ እየታየ አይከፈትም፣ ወይም ፎቶው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አዲስ ካርድ እንደተገዛ በኮምፒውተር ላይ H2testw ወይም F3 በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ ማንበብ ማታለሉን ያጋልጣል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚጽፍ ካርድ ላይ 64 ጊጋባይት መሙላት ብቻውን ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል፤ ካርዱን ለመመለስ የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ ቢደረግ ግን የሚያስቆጭ ሥራ አይደለም።

እውነተኛ ካርድም ቢሆን በሚጻፍበት መጠን ያረጃል፤ መተግበሪያዎች ያሉበት ካርድ ደግሞ ያለማቋረጥ ስለሚጻፍበት ፎቶ ብቻ ከሚይዘው ቀድሞ ይደክማል። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ምልክት አለ፦ የተሰረዘ ፎቶ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ተመልሶ ከታየ፣ ካርዱ አዲስ ጽሕፈት መቀበል አቁሞ ማንበብ ብቻ ቀርቶለታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፎርማት ለማድረግ መሞከር ካርዱን አያድነውም፤ ገና እየተነበበ ሳለ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ካርዱን መተካት ነው የሚሻለው።