ትዕዛዝን «ዕቃው ወዳለበት ቅርብ ሱቅ» የሚልክ ሲስተም፦ ከስምንት ወር በኋላ

የምንሸጠው የባጃጅና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ነው። ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ አንድ አንድ ሱቅ አለን። ድሮ ትዕዛዝ የሚመጣው በስልክና በቴሌግራም ነበር። የሚቀበለው ባሕር ዳር ያለው ልጅ ስለሆነ፣ ዕቃው እሱ ጋ ካለ ከእሱ ጋ ይልካል። አንድ ቀን ደምበጫ ላለ መካኒክ የክላች ሸራ ላከ። ዕቃው በሚኒባስ ተጭኖ በዳንግላ አለፈ፣ በፍኖተ ሰላም አለፈ፣ ማታ ደምበጫ ገባ። ያው የክላች ሸራ ፍኖተ ሰላም ሱቃችን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ሲስተም ለመግዛት የቆረጥኩት ያን ዕለት ነው።

ገዝተን ሥራ ያስጀመርነው ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የአራቱን ሱቅ ስቶክ አንድ ላይ ያያል። ትዕዛዝ ሲገባ ዕቃው ካላቸው ሱቆች መካከል ለደንበኛው የሚቀርበውን ይመርጣል። የተመረጠው ሱቅ ስልክ ይጮሃል። ሠራተኛው ይቀበላል ወይም ይመልሳል፤ ከመለሰ ትዕዛዙ ለሚቀጥለው ቅርብ ሱቅ ይተላለፋል። ሻጩ ሲያሳየኝ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔ ግን «ቅርብ» እና «ያለበት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለማስተካከል ወራት ፈጅቶብኛል።

«ቅርብ» ቶሎ ተፈታ፤ በእሱ ልጀምር። ከሞጣ በስተደቡብ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚኖር ደንበኛ አለን። ሲስተሙ ትዕዛዙን ደብረ ማርቆስ ላከው። እንዴት ብዬ ካርታ ከፈትኩ። ከሞጣ አካባቢ በቀጥታ መስመር ስትለካ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ትንሽ ወደ ደቡብ ስትወርድ ደብረ ማርቆስ ያሸንፋል። ችግሩ መሐል ላይ ጮቄ ተራራ መኖሩ ነው። የእኛን ዕቃ የሚይዙት መኪኖች ጮቄን አያቋርጡም፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ወርደው፣ በቢቸና ዞረው ነው ሞጣ የሚገቡት። ከባሕር ዳር ግን በአዴት በኩል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መኪናም በየጊዜው አለ። ሲስተሙ ወፍ የምትበርበትን መንገድ ነው የቆጠረው።

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሲስተሞች ሲገዙ የተስተካከሉት በቀጥታ መስመር ርቀት ነው፤ ለማስላት ቀላልና ርካሽ ስለሆነ። የእኛው ሌላ አማራጭም ነበረው፤ ለእያንዳንዱ ከተማ የሱቆችን ቅደም ተከተል በእጅ መሙላት ይቻላል። አንድ እሁድ ከሁለት ሹፌሮች ጋር ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ኪሎ ሜትር አልጠየቅኳቸውም። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከዚህ ብሰጥህ እዚያ ስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» ነው ያልኳቸው። ለሞጣ ባሕር ዳር አንደኛ፣ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ሆነ። ለቢቸና ደብረ ማርቆስ አንደኛ። ከዚያ ወዲህ በዚህ በኩል ራስ ምታት የለብኝም። መንገድ ሲዘጋ ብቻ ገብቼ እቀይረዋለሁ። መንገድ መዘጋቱን ሲስተሙ በራሱ አያውቅም፤ ከመናኸሪያ ደውሎ የሚነግረኝ ሰው ነው።

ወደ «ያለበት» ልምጣ። ያስለቀሰኝ ይሄኛው ነው።

ኅዳር ላይ አንድ የእንጅባራ መካኒክ ፒስተን ከነፋሻው አዘዘ። ለእንጅባራ አንደኛው ዳንግላ ነው። ሲስተሙ ዳንግላ 3 አለ ይላል። የዳንግላው ልጅ «የለም» ብሎ መለሰው። ትዕዛዙ ለፍኖተ ሰላም ተላለፈ፣ ከዚያ ተላከ። እሺ፣ ይሁን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ያንኑ ፒስተን አዘዘ። ሲስተሙ አሁንም ወደ ዳንግላ ላከው። ልጁ አሁንም መለሰው። በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ተደጋገመ። እያንዳንዱ መመለስ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይበላል፤ ልጁ ደንበኛ ሲያስተናግድ ስልኩን አያይማ። አንዱ መካኒክ የከሰዓቱ መኪና አመለጠውና ትዕዛዙን ሰረዘ። ባጃጁ የቆመበት ሰው ሁለት ቀን አይጠብቅም።

ዳንግላ ሄድኩ። መደርደሪያውን ከልጁ ጋር ቆጠርን። ከሦስቱ አንዱ ለጎረቤት ጋራዥ በዱቤ ወጥቷል፤ ሒሳቡ ሲከፈል ይመዘገባል ተብሎ ደብተር ላይ ብቻ ተጽፏል። አንዱ ካርቶኑ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ፒስተኑን አውጥተው ለደንበኛ አሳይተውት ሌላ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ሦስተኛው ደግሞ መለኪያው ሌላ ነው፤ በተሳሳተ ኮድ ነው የገባው። ሌባ የለም። ግን ሦስቱም የሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። የስቶክ ስህተት በአንድ ሱቅ ሲሆን ያሳፍራል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ ሻጩ መደርደሪያውን አይቶ «አልቋል» ይላል። ትዕዛዝ በሚመራ ሲስተም ላይ ግን ስህተቱ ትዕዛዝ ይስባል። በእውነት ያለው ዕቃ ይሸጥና ያልቃል። የሌለው ዕቃ ግን ስለማይሸጥ አያልቅም፤ ቁጥሩ እዚያው ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ ወደራሱ ይጠራል። ስለዚህ የትኛው ሱቅ ቆጠራው እንደተበላሸ ለማወቅ ዓመታዊ ቆጠራ አትጠብቁ። በየሳምንቱ «የለም» ተብለው የተመለሱትን ትዕዛዞች በሱቅና በዕቃ ለይታችሁ እዩ። አንድ ዕቃ ከአንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ፣ እዚያ ሄዶ መቁጠር ነው።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነበር። ሁለቱ ሲስተሙ ውስጥ ነበሩ፤ ማንም አልነገረኝም።

አንደኛው፣ «የለም» ተብሎ ሲመለስ የዚያ ሱቅ ስቶክ ወዲያው ዜሮ እንዲሆንና እስኪቆጠር እንዲታገድ የሚያደርግ ምርጫ ነው። ስንገዛው ጠፍቶ ነበር። ለምን ጠፍቶ እንደሚሸጥ አሁንም አይገባኝም።

ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። ሲስተሙ ለትዕዛዝ የሚያቀርበው መደርደሪያ ላይ ያለውን ሙሉ ቁጥር መሆን የለበትም። ካለው ላይ ለሌላ ትዕዛዝ የተያዘው ይቀነሳል፣ መጠባበቂያውም ይቀነሳል፤ የተረፈው ነው ለውጭ ትዕዛዝ የሚታየው። ዳንግላ 3 ካለ፣ 1 ከተያዘ፣ መጠባበቂያው 1 ከሆነ፣ ለትዕዛዝ የሚቀርበው 1 ነው። መጠባበቂያው ያስፈለገው ለቆጠራ ስህተት ብቻ አይደለም። ትዕዛዙ ገብቶ ልጁ እስኪያየው ባሉት ደቂቃዎች አንድ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ የመጨረሻውን ሊገዛው ይችላል። መጀመሪያ ለሁሉም ዕቃ 1 አደረግኩ፤ ስህተት ነበር። ብሎክን የመሰለ ውድ ዕቃ በየሱቁ አንድ ብቻ ስለምንይዝ፣ አራት ሱቅ ውስጥ አራት ብሎክ እያለ ሲስተሙ «አልቋል» ይል ጀመር። አሁን ቶሎ ለሚሸጡት፣ ለካቦ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለሻማ መጠባበቂያው 2 ነው። ለውድና ለቀርፋፋ ዕቃ ዜሮ ነው፤ ግን እሱ ከመላኩ በፊት ስልክ ይደወላል።

ሦስተኛው ሲስተም ውስጥ የለም። ዱቤ የወጣ ዕቃ ገንዘቡ ባይገባም በዚያው ደቂቃ ከስቶክ ይወጣል። ይሄን ለማስለመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከሲስተሙ ዋጋ በላይ ያስወጣኝ የማኪያቶ ግብዣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያው ወር ከ10 ትዕዛዝ 3 ያህሉ ከመጀመሪያው ሱቅ ይመለሱ ነበር። አሁን ከ20 አንድ ቢመለስ ነው።

ከሁለት ሱቅ ተከፍሎ ስለሚሞላ ትዕዛዝ ብዙ አልልም። ሁለት ዕቃ ያዘዘ ሰው አንዱ ዳንግላ፣ አንዱ ባሕር ዳር ካለ ሲስተሙ ይከፍለዋል። ለሹፌር የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው፣ ደንበኛውም መናኸሪያ ሁለቴ ይመላለሳል። ባሕር ዳር ሁለቱም ካሉ፣ ራቅ ቢልም ከአንድ ቦታ እንዲሄድ አድርጌ አስተካክያለሁ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ ሰው ነው። ጥር ላይ የፍኖተ ሰላሙ ሱቅ መመለስ አበዛ። ስቶኩን ቆጠርኩ፤ ልክ ነው፣ ዕቃው አለ። ኃላፊውን በዕድሜ ስለሚበልጠኝ በቀስታ ነው የጠየቅኳቸው። «ምን ችግር አለ ጋሼ? ዕቃው እያለ ለምን ይመለሳል?» አልኩ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኔ አሽጌ፣ እኔ መናኸሪያ ወስጄ፣ ሽያጩ ለባሕር ዳር ይጻፋል። ነገ የእኔ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ መደርደሪያዬ ባዶ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የወር ጉርሻ የምንሰጠው በሱቁ ሽያጭ ነበር፤ ሲስተሙ ደግሞ ሽያጩን ትዕዛዙን ከደንበኛው ለተቀበለው ሱቅ ነው የሚመዘግበው። አሁን ሽያጩ ዕቃውን ለላከው ሱቅ ይጻፋል፣ ስልክ ለሚያነሳው ልጅ በትዕዛዝ ትንሽ ይታሰብለታል። መመለሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆመ። እንዲህ ያለ ሲስተም የምትገዙ ካላችሁ ይሄን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጨርሱት።

ያልተፈታልኝ ኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሱቁ መሸጡን አያቆምም፤ ሲስተሙ ግን ትናንት የነበረውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ከ2 ሰዓት በላይ ያልተገናኘ ሱቅ ትዕዛዝ እንዳይደርሰው አድርጌያለሁ። ይሄ ግማሽ መፍትሔ ነው። ሁለት ሱቅ አንድ ላይ ሲጠፉ አብዛኛው ትዕዛዝ ባሕር ዳር ይወድቃል፣ እኛም ወደ ድሮው ስልክ እንመለሳለን። ሻጮቹን ከመስመር ውጭ የሚሠራ እንዲያመጡልን ከጠየቅኩ አራት ወር ሆነኝ። «በቅርቡ» ይሉኛል።

ሁለት ሱቅ ብቻ ላለው ሰው ይሄን አልመክርም፤ ሁለት ሰው በስልክ ይግባባል። እኔ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ከፍያለሁ። በዚያ ላይ ከሲስተሙ ያወጣሁት የትዕዛዝ ዝርዝር በከተማ ሲደረደር ሞጣ ከእንጅባራ ቀድሞ ነው የመጣው። ባለፈው ሳምንት እዚያ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሱቅ አይቼ ኪራይ ጠየቅኩ። አከራዩ የጠሩት ዋጋ ግን ልክ እንደዚያ ፒስተን ነው፤ በወረቀት ላይ አለ፣ ስትሄድ የለም።