ዕቃ ወይስ ብር? ያስታመመችልንን ልጅ ስንሸኝ

እናቴን 4 ዓመት ያስታመመችልን ልጅ ከጅማ ወደ ቤተሰቧ፣ ወደ ዴዶ፣ ልትመለስ ነው። እህቴ ከሂርማታ ገበያ ጋቢና ቀሚስ ይገዛላት አለች። እኔ ብር ይሻላል አልኩ።

ዕቃ ይታያል። አገሯ ስትገባ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ጋቢውን እናቷ ይለብሱታል። ግን መራጮቹ እኛ ነን። የተለበሰ ልብስ ከተጨመረበት ደግሞ ቁም ሣጥን ማራገፍ ይሆናል።

ብር ግን የፈለገችውን ታደርግበታለች። በግ ትግዛ፣ ትማርበት፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው አሰጣጡ ነው። መጀመሪያ የቀረ ደሞዟ ለብቻው ተቆጥሮ ይሰጣት። ከስጦታው ጋር ከተቀላቀለ የቱ የላቧ፣ የቱ ምስጋና እንደሆነ አይለይም። አካውንቱ በእሷ መታወቂያ ይከፈት፤ ብር ሲገባ መልእክቱ በእሷ ስልክ ይድረስ። «እኛ እናስቀምጥልሽ» ማለት ነውር ነው። በደላላ ወይም በዘመድ በኩል የተላከም መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ብር ብቻውን ግን ይደርቃል። ስለዚህ የ2 ወር ደሞዝ በስጦታ አካውንቷ ገባ፣ ለእናቷም ጋቢ ተገዛ። ቅዳሜ ቡና ተፈላ። ረከቦቱ ጋ የተቀመጠችው እህቴ ነበረች። ልጅቷ ከለመደችው ልትረዳ ብድግ ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ዛሬ አቦሉ መጀመሪያ ላንቺ ነው። ሌሊት እየተነሳሽ አገላብጠሽኛል። አንድም ቀን ጀርባዬ አልቆሰለም።»