መሪው የተገለበጠ «ዶልፊን» በርካሽ ከቀረበላችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሚኒባስ ገዝታችሁ ሥራ ለመጀመር ብር እያሰባሰባችሁ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ ከደላላ ደላላ እየዞረ ስላለ አንድ ዶልፊን፣ ማለትም የቶዮታ ሀይስ ሚኒባስ፣ ልንገራችሁ። ታርጋውንም የሻጩን ስምም አልጽፍም። እሱ ቢሸጥ ነገ መሰሉ ስለሚመጣ፣ የሚጠቅማችሁ ምልክቱን ማወቁ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ዶልፊኖች በጣም ያነሰ ነው፤ ደላላውም «ሞተሩ 2ኬዲ፣ ነዳጅ የማይጠጣ፣ 15 ሰው የሚጭን፣ ከአውሮፓ የገባ» እያለ ያዞረዋል። ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም የሚለው ውሳኔ በ2016 ዓ.ም. ከተሰማ ወዲህ አሮጌ መኪና የያዘ ሁሉ ኮርቷል፤ ስለዚህ እንዲህ የወረደ ዋጋ ስትሰሙ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ነው የሚያዋጣው።

መኪናውን ያየሁት ለአንድ የሠፈሬ ልጅ ብዬ ነው። እህቱ ዱባይ ሠርታ የላከችለትን ብር ይዞ «ጋሼ፣ ቀብድ ልሰጥ ነው፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» ብሎ መጣ። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ላይ ላዩን ያየ ሰው ቢወደው አይፈረድበትም።

እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ሊብሬውን ነው። ለአውሮፓ ወይም ለዓረብ አገር ገበያ ጃፓን ተሠርቶ የተላከ ሀይስ የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ነው፤ ሲጀምርም «ጄ» እና «ቲ» በሚሉት የላቲን ፊደላት ነው። የዚህኛው አጭር ነው፤ «ኬ-ዲ-ኤች-200» ይልና ሰረዝ ይከተለዋል፣ ከዚያ ጥቂት አኃዞች ብቻ። እንዲህ ያለ አጭር ቁጥር የሚሰጠው ጃፓን ውስጥ ለጃፓኖች ለተሸጠ መኪና ነው። ጃፓን ደግሞ በግራ የሚነዳበት አገር ስለሆነ መሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ቀኝ ነበረ ማለት ነው። «ከአውሮፓ የገባ» የሚለው ወሬ እዚያው ላይ አበቃ። መሪው ከጊዜ በኋላ ተገልብጧል።

ወረቀት ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ቢገጥማችሁ በሩን እዩ። እኛ አገር ተሳፋሪ የሚወርደው በቀኝ በኩል፣ ወደ እግረኛ መንገዱ ነው። ለጃፓን የተሠራው ሀይስ ተንሸራታች በሩ በግራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዕቃ እንዲጫንበት በግራም በቀኝም በር አለው። ይህኛው በሁለቱም በኩል የነበረው ነው፤ የግራውን ከውስጥ በይደው ዘግተው፣ ስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀብተውበታል። የሐዲዱ መስመር ግን በጎኑ ላይ እስከ ኋላ ድረስ እንዳለ ነው፣ ያንን አልደፈኑትም። በሌላ ዓይነቱ፣ በር በግራ ብቻ በነበረው ላይ፣ የቀኙን አካል ቆርጠው በር ያወጡለታል። እሱን ጭራሽ አትጠጉት፤ የሚኒባስ ጥንካሬው ያለው ከጎኑ ላሜራና ከምሰሶዎቹ ነውና።

ማታ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ከግድግዳ ፊት አምስት ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁሙና አጭሩን መብራት አብሩ። በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ግድግዳው ላይ የሚጥለው መስመር ወደ ቀኝ በኩል ከፍ ይላል። ወደ ግራ ከፍ ካለ መብራቱ የጃፓን ነው፤ ሌሊት ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ሲያጠፋ ያድራል።

«ታዲያ ቢገለበጥስ ምን አለበት? እየሄደ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ጎንበስ ብዬ ከዳሽቦርዱ ሥር ስመለከት የመሪው ዘንግ የታሰረበት ብረት በእጅ የተበየደ ነው። የባሰው ፍሬኑ ነው፦ ፔዳሉን ወደ ግራ አዛውረው የፍሬን ፓምፑን ግን ቀኝ ትተውታል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከዳሽቦርዱ ሥር አቋርጦ የሚሄድ አንድ ብረት ነው። ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁ የሚተማመነው በዚያ ብረትና በብየዳው ላይ ነው። የግል መኪና ቢሆን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚረገጠው። ከመገናኛ ፒያሳ የሚመላለስ ታክሲ ግን በየፌርማታው፣ በየመብራቱ ሲረግጥ ይውላል። ብየዳ እየተደጋገመ ሲጎነበስ በጠርዙ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ያ ሲሰበር መለዋወጫ ብትፈልጉ የትም ሱቅ የለም፣ ብረቱን ፋብሪካ አልሠራውምና። ሠሪው ማን እንደነበረም የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ 15ቱ ወንበር እንምጣ። ሊብሬው የሚለው 12 ነው። ሦስቱ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ የተጨመሩ ናቸው። ምንጣፉን ገለጥ አድርጉና እግራቸውን ተመልከቱ። ለተሳፋሪ የተሠራ ሀይስ ወለሉ ላይ ለወንበር ተብሎ ከፋብሪካ የተቀበረ ዳዶ አለው፤ ወንበሩ እሱ ላይ በቡሎን ይታሰራል። የዚህኛው ወንበሮች፣ የኋላዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም፣ በማዕዘን ብረት ስስ ወለል ላይ የተበየዱ ናቸው፤ ምክንያቱም መኪናው ጃፓን እያለ ዕቃ ጫኝ ነበር። በግጭት ጊዜ ወንበሩ ከነሰዎቹ ተነቅሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ገቢውን ስታሰሉም ሦስቱን ትርፍ ወንበር አትቁጠሩ። ትራፊክም፣ የቦሎ ምርመራም፣ መድንም የሚያውቁት ሊብሬው ላይ ያለውን 12 ብቻ ነው። ክብደቱ ግን ባይቆጠርም ይመዝናል፤ ሦስት ሰው ከነሻንጣው ከኋላ አክሰሉ ጀርባ ሲቀመጥ ባሌስትራው ይተኛል፣ የፊት ጎማ ይቀልላል፣ የኋላ ጎማ ቶሎ ያልቃል። የዚህኛው ባሌስትራ ከወዲሁ ቀጥ ብሏል።

ሞተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። 2ኬዲ ራሱ መጥፎ ሞተር አይደለም። 2.5 ሊትር፣ ተርቦ ያለው፣ ነዳጁን በኮምፒውተር በሚታዘዝ ኢንጀክተር የሚረጭ ነው። አሮጌው 5ኤል 3 ሊትር ገደማ፣ ተርቦ የሌለው፣ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። በደንብ የተያዘ 5ኤል ከተማ ውስጥ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር፣ 2ኬዲ ደግሞ ከ11 ትንሽ በላይ ይሄዳል ብለን እናስላ። በቀን 180 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ታክሲ አንዱ 20 ሊትር፣ ሌላው 16 ሊትር ይጠጣል። የቀኑ ልዩነት 4 ሊትር፣ በ26 የሥራ ቀን 104 ሊትር ነው። ይህ ጥሩ ብር ነው፣ ደላላው እዚህ ድረስ አልዋሸም።

ያልነገራችሁ የኢንጀክተሩን ነው። አራት ናቸው፤ ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ አይችሉም። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የአራቱን ዋጋ ጠይቁና በአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ አካፍሉት። 1,000 ሊትር ቢወጣ፣ ነዳጅ ቆጠባችሁ የተባለው የአሥር ወር ብር በአንድ ጠዋት ሄደ ማለት ነው፤ መኪናው ቆሞ የሚውልበትን ቀን ሳንቆጥር። የ5ኤልን ኖዝል ግን የትም ከተማ ያለ የፓምፕ ባለሙያ አስተካክሎ ይመልስላችኋል።

ከዚህ የከፋም አለ። በ2ኬዲ ሞተር ኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስትበላ የተቃጠለው ጋዝ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱም እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። ያ ጥቀርሻ ካርተር ውስጥ ያለችውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናታል፤ ዘይት ወደ ላይ ሳይወጣ ይቀርና ሞተሩ ይነክሳል። ምልክቱን ማየት ከባድ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። «ፉፍ፣ ፉፍ» እያለ በምት የሚገፋ ጋዝ ካለ፣ ክዳኑ ሥር ደረቅ ጥቀርሻ ከተጣበቀ፣ ቀለበቶቹ አልቀዋል። የዚህኛው እንዲያ ነበር። ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ ስል ሻጩ «አዲስ ዘይት ነው የተሞላው፣ ለምን ይፈሳል?» ብሎ ተቆጣ። ሌላም አለ፦ ቁልፍ ስትከፍቱ፣ ሞተር ሳታስነሱ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክቷ መብራት ልትበራ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። እዚህ መኪና ላይ ጭራሽ አትበራም፣ አምፖሏን አውጥተዋታል። ችግር የሌለበት መኪና አምፖል የሚነቀልበት ምክንያት አይታየኝም።

«እሺ፣ ምን ልግዛ?» አለኝ ልጁ። መልሱ የሚሠራበትን መስመር ይከተላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። 5ኤል ሞልቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያስወጣውና በሁለተኛ ማርሽ የሚያዘግመው ለዚህ ነው፣ ሁሌ የሞተር በሽታ አይደለም። አዳማ በፍጥነት መንገዱ ለሚመላለስ 2ኬዲ ጎበዝ ነው፤ ከፋብሪካ መሪው ግራ የሆነ፣ ኢንጀክተሩ በማሽን ተፈትሾ ሳይረጭ የሚመልሰው ናፍጣ ልክ የሆነ፣ ባለቤቱም ለኢንጀክተር በየወሩ የሚያስቀምጥ ከሆነ። ልጁ ግን የሚሠራው ከተማ ውስጥ ነው፤ ሹፌር ቀጥሮ፣ ማታ ሒሳብ እየተቀበለ። ሹፌሩ ናፍጣ ከየት እንደሚቀዳ እሱ አያይም። ስለዚህ ሞተሩ ያልተከፈተ፣ መሪው ያልተነካ 5ኤል ፈልግ አልኩት፣ በዋጋ ቢበልጥም። የታይሚንግ ቺንጋውን ግን በገዛህ ማግሥት ቀይር፤ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቩ ከፒስተን ይጋጫል፣ «ባለፈው ተቀይሯል» የሚል ቃል ደግሞ ማረጋገጫ የለውም።

ዶልፊኑ አልተሸጠም። ባለፈው ሳምንት ሌላ ደላላ ፎቶውን ልኮልኛል፤ ዋጋው ትንሽ ወርዷል፣ ማስታወቂያው ላይ «ከአውሮፓ» የሚለው «ከዱባይ» ሆኗል። የግራ ጎኑ በፎቶው ላይ አይታይም።